የሚወዛወዝ የሥራ ጠረጴዛ በብሎን ብዛት አይድንም

የተከበራችሁ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁም፣

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ሁላችንም የምናውቀውን ችግር ላንሳ። ጠረጴዛው አዲስ ነው፣ እንጨቱም ወፍራም ነው፤ መላጊያ ሲገፋበት ግን ወዲያና ወዲህ ይላል። ያኔ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ብሎን ጨምርበት!»

ይህ ምክር እንጨት ያበላሻል! አራት ማዕዘን በጎን ሲገፋ ያዘነብላል። ብሎኑ የሚከላከለው በቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ጥቂት እንጨት ብቻ ነው፤ በየግፊቱ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጠረጴዛውም ከበፊቱ ይብሳል። ሦስት ማዕዘን ግን እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ማሰሪያው ካልላላ ቅርጹን አይለውጥም። ሰያፍ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስቲ አንዱን እንሥራ። እግሮቹ 9 በ9 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ አግዳሚዎቹ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ከእግሩ አናት 9 ሴንቲ ሜትር ወርደን፣ 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆርጠን እናወጣለን። ረጅሙ አግዳሚ እዚያ እርከን ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱን የሚሸከመው እንጨት እንጂ ብሎን አይደለም። ፊቱ ከእግሩ ፊት ጋር እኩል ስለሚሆንም ሰያፉ በሁለቱ ላይ ያለ ክፍተት ይተኛል። መጋዙ በሚጣለው በኩል ይሂድ፤ ልል መጋጠሚያ በብሎን አይጠገንም። የአጭሩ ጎን አግዳሚ ከረጅሙ ዝቅ ብሎ ይግባ። ሁለቱ ቁርጦች በአንድ ከፍታ ከተገናኙ እግሩ ይሳሳል፣ ብሎኖቹም ውስጥ ይጋጫሉ።

በመፍቻ የሚጠብቀው የእንጨት ብሎን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ለአንድ መጋጠሚያ ሁለት ይበቃል፣ ግን በአንድ የእንጨት ጅማት መስመር ላይ አይሁኑ። አግዳሚው በ10 ሚሊ ሜትር ይበሳል። እግሩ ለስላሳ እንጨት ከሆነ በ6፣ ጠንካራ ከሆነ በ7 ይበሳል። ሳይበሱ የሚያስገቡ ሰዎች እንጨቱን ይሰነጥቁታል ወይም የብሎኑን አንገት ይቆርጡታል! ጥርሱን ሳሙና ቀቡት፣ ሮንዴላ አድርጉበት። ሮንዴላው እንጨቱን መጫን ሲጀምር አቁሙ፤ ከዚያ አልፎ ከዞረ የያዘው እንጨት ይፈጫል።

አሁን ወደ ሰያፉ። ክፈፉን መሬት ላይ አጋድሙና ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩ። አንዱ ከረዘመ፣ የረዘመውን ጥግ ወደ ውስጥ ግፉት፤ እኩል ሳይሆኑ ሰያፍ ከታሰረ ጠማማነቱ እዚያው ይቀራል። ከጥጉ በእግሩም በአግዳሚውም 50 ሴንቲ ሜትር ለኩ፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእግሩ በኩል የእንጨት ብሎን ይበቃል። አግዳሚው ግን ቀጭን ስለሆነ፣ እዚያ በሌላው ወገን የሚወጣና በዳዶ የሚታሰር ብሎን ይግባ።

በኋለኛው ረጅም ጎን ሁለት ሰያፎች፣ በየአጭሩ ጎን አንድ አንድ ይበቃሉ። የፊቱ ለእግራችሁ ክፍት ይሁን፤ ወፍራሙ ገበታ በደንብ ከታሰረ እሱ ይይዘዋል።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብሎኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ ጥጉን በጎን ግፉና ተመልከቱ፦ እርከኑ ላይ ክፍተት ከተከፈተ ጥፋቱ የመጋዙ ነው፣ የሰያፉ ጫፍ ከተንሸራተተ ዳዶው ልል ነው።