90ኛው ደቂቃ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ወሬውም የሆዴ ወሬ ነው። አትሳቁ።

ለወራት ጠዋት ደህና ሆኜ ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋና ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አላላ ነበር። ሐኪሙ በትንሹ አንጀቴ ባክቴሪያ ሳይበዛ አልቀረም ብሎ ጠረጠረ፤ ሲቦ የሚሉት ነው። የትንፋሽ ምርመራ አዘዘልኝ። ሌሊቱን ጾሜ ሄድኩ፣ ላክቱሎዝ የሚባል በጣም የሚጣፍጥ ሽሮፕ 10 ግራም ጠጣሁ፤ ከዚያ በየ15 ደቂቃው ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ሕዋስ ሃይድሮጅን አያመርትም፤ የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ስኳር ሲያብላሉ። ጋዙ ወደ ደም ይገባና በሳንባ ይወጣል። ትንፋሽ ላይ ቶሎ ከታየ፣ ባክቴሪያው ከላይ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው ይባላል።

የእኔ ትንፋሽ ላይ የታየው ሃይድሮጅን ሲጀመር 6 ፒፒኤም ነበር፤ ከሚሊዮን እጅ ስድስት ማለት ነው። 60ኛው ደቂቃ ላይ 11፣ 75ኛው ላይ 22፣ 90ኛው ላይ 31፣ 105ኛው ላይ 58። በ2017 የወጣው የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች የጋራ መመሪያ በ90 ደቂቃ ውስጥ ከመነሻው በ20 ፒፒኤም ከጨመረ ፖዘቲቭ ነው ይላል። የእኔ በ25 ጨመረ፤ ፖዘቲቭ ተባልኩ። ሪፋክሲሚን የሚባል አንቲባዮቲክ 550 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስቴ፣ ለ14 ቀን ዋጥኩ። ተሻለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ሆነ።

ለሁለተኛ ዙር መድኃኒቱ ሲታዘዝልኝ ወረቀቱን ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሷም ጣቷን 90ው ላይ አድርጋ፣ "በዚህ ሰዓት ሽሮፑ የት እንደደረሰ በምን አወቁ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ላክቱሎዝ ሰውነት ውስጥ አይመጠጥም፤ ዞሮ ዞሮ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ እዚያ ደግሞ ባክቴሪያ የሌለው ሰው የለም። አንዳንዱ ሰው ጋ ገና በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ የእኔ ቁጥር የአንጀቴን ፍጥነት ብቻ ነግሮኝ ሊሆን ይችላል።

ሆዴ እየተነፋ ሳለ በ75 ግራም ግሉኮስ ደግመን አየነው። ከ9 አላለፈም። ይሄም ቢሆን ነጻ አያወጣኝም፤ ግሉኮስ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ተመጥጦ ስለሚያልቅ ታችኛውን ክፍል አያሳይም።

"ታዲያ መድኃኒቱ ለምን አሻለኝ?" አልኳት። ሪፋክሲሚን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉትንም ባክቴሪያዎች ይነካል፤ አሜሪካ ውስጥ ተቅማጥ ላለበት የአንጀት መቆጣት ሲፈቀድ የትንፋሽ ምርመራ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። መሻሌ ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። አንዳንድ ሐኪሞች ሲመለስ ድገመው ይላሉ፤ ሌሎች መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ፣ የቀድሞ ቀዶ ጥገና ወይም የአንጀት እንቅስቃሴ መዘግየት ይሆናል ይላሉ። እኔ አሁን ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ።

ሁለተኛውን ዙር አልጀመርኩም። ሐኪሟ ወተት እንድተው ነገረችኝ፤ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቀበቶዬን የማላላው አሁን አንድ ቀዳዳ ነው።