ዝም ያለው ቁስል፦ የሆድ ስፌት በ7ኛው ቀን

ሰላም፦ ዛሬ የያዝነው የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ ጥያቄ ነው፤ ቁስል የሚድንባቸውን ደረጃዎች ይጠይቃል። ሆዱን ከተቀደደ 7ኛ ቀኑ የሆነ፣ ለአስም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አለ። ቁስሉ አልቀላም፣ አላበጠም። ምን ትላለህ ዮናስ?

ዮናስ፦ ደህና ነው እላለሁ። ካልቀላ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሰላም፦ እኔም ገና አዲስ ነርስ ሳለሁ እንዲህ ያለ በሽተኛ ገጥሞኝ እንደዚሁ ብዬ ነበር! «ቁስሉ ንጹህና ደረቅ ነው» ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ማታ ሰውየው አሳለና ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «የሆነ ነገር ተተረተረብኝ» አለኝ። ስገልጠው ሮዝ ውሃ ፋሻውን አልፎ አንሶላውን አርሶታል።

ዮናስ፦ መግል ነበረው?

ሰላም፦ የለውም፣ ሽታም የለው። ሮዝ ውሃ ብቻ። ያ ፈሳሽ ሲመጣ ላዩ ገጥሞ ሳለ እንኳ የውስጡ ስፌት እየለቀቀ ሊሆን ይችላል።

ዮናስ፦ እና ምን አደረግሽ?

ሰላም፦ ጥዬው አልሄድኩም፤ እዚያው ሆኜ ሰው ጠራሁ። ራሱን ትንሽ ብቻ ቀና አድርጌ፣ ሆዱ እንዲላላ ጉልበቱን አጠፍኩለት። ስቴራይል ጎዝ በሳላይን አርሼ ሸፈንኩ። አንጀት ቢወጣም መልሶ መግፋት አይቻልም። ወደ ቀዶ ክፍል ስለሚመለስ ምግብም ውሃም በአፉ አይገባም።

ዮናስ፦ እኔ ግን ጥፋተኛው ሳሉ ነው የምለው።

ሰላም፦ ሳሉ ገፋው፣ እውነት ነው። ግን ደንበኛ ስፌት ሳል ይችላል እኮ!

ዮናስ፦ ሁልጊዜ አይችልም። እሺ፣ ደረጃዎቹስ? ጥያቄው እሱ ነበር።

ሰላም፦ መጀመሪያ ደም ይቆማል። ቀጥሎ ቁስሉ ይቆጣል፤ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ያጸዱታል፣ ኮላጅን የሚሠሩትንም ሴሎች ይጠራሉ። ከ4ኛው ቀን ገደማ እስከ 3 ሳምንት ግንባታው ነው። ከዚያ ጠባሳው ዓመትና ከዚያ በላይ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቢበዛ የደህናውን ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ስቴሮይድ መቆጣቱን ስለሚያፍነው ግንባታው የሚጠራው ያጣል። ስለዚህ የዚያ ሰው ቁስል ዝም ያለው ድኖ አልነበረም፤ ሥራው ስላልተጀመረ ነው።

ዮናስ፦ እንዲህ ያለውን ከዳነው በምን እለየዋለሁ?

ሰላም፦ በጣትህ! ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጓንት አድርገህ ስፌቱን ዳር ዳሩን ስትዳስሰው፣ ከሥሩ እንደ ገመድ ጠንከር ያለ ነገር ይሰማሃል። ያ አዲሱ ኮላጅን ነው። ካጣኸው ሳይመሽ ለሐኪሙ ንገር። እኔ ያን ቀን አልዳሰስኩም።

ዮናስ፦ ታዲያ ስቴሮይዱን ማቆም ነዋ?

ሰላም፦ በፍጹም! ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆም የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። የኛ ድርሻ ሲያስል ሆዱን በትራስ እንዲደግፍ ማስተማር ነው። ስኳሩንም እንለካለን፤ ስቴሮይድ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ያም ነጭ ሴሎቹን ያደክማቸዋል።

ዮናስ፦ ትራሱ ለሳሉ ነው አይደል? ሳሉ ነው ብዬሽ ነበር።

ሰላም፦ እሺ፣ ሳሉም ነው። ግን መጀመሪያ ዳስሰው።