«በስልክ አሥር ደቂቃ ብንነጋገርስ?»

እንደምን ዋላችሁ።

ሥራ አመልክታችኋል፣ ቃለ መጠይቁን አልፋችኋል፣ አሁን ከሪክሩተሯ ጋር በኢሜይል እየተጻጻፋችሁ ነው። አንድ ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ ሌላ ይመጣል። እሱን ትመልሳላችሁ፣ ሁለት ቀን ዝም ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ። በስልክ ብናወራ ባንዴ ያልቅ ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ፤ ግን ይሉኝታ ይይዛችኋል። «ትዕግሥት የላትም ብትለኝስ? ጫና የፈጠርኩ ቢመስልስ?» እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በቀጣሪው ወገን ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ልንገራችሁ። በአግባቡ የቀረበ የስልክ ጥያቄ ሪክሩተርን አያስቀይምም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀልላታል፣ ምክንያቱም ያንን የተንዛዛ ኢሜይል ከላይ እስከ ታች እያነበበች ለክፍሉ ኃላፊ የምታስረዳው እሷ ናት።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ሐዋሳ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ አለች እንበል። አዲስ አበባ ላለ ድርጅት አመልክታ ተመርጣለች። ሪክሩተሯ ጥር 23 ላይ «የቅጥር ደብዳቤው ጥር 25 ይደርስሻል፣ ሥልጠናው የካቲት 17 ይጀምራል፣ ትደርሻለሽ?» ብላ ጻፈች። ልጅቷ «ለአሠሪዬ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ» ብላ መለሰች። ትክክል ናት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። ደብዳቤው ደርሷት ጥር 25 ብታሳውቅ፣ የካቲት 25 ላይ ይሞላል። ሪክሩተሯ «ማሳጠር አይቻልም?» አለች። «ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ አሠሪዬ ከተስማማ ምናልባት።» «ስንት ቀን ነው?» «ስምንት። ግን ሥልጠናው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መገኘት ግዴታ ነው?» «ክፍሉን ጠይቄ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ዝምታ።

እዚህ ጋ ማንም አላጠፋም። ችግሩ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቀን በማስጠንቀቂያው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማስጠንቀቂያው በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ፣ ማሳጠሩ ያስፈልግ እንደሆነ ደግሞ ሥልጠናው መሸጋገር በመቻሉ ላይ። አንዱን ሳታውቂ ሌላውን መመለስ አትችይም። ወደ ስልክ መሄድ እንዳለባችሁ የምታውቁትም በዚህ ነው፤ መልሳችሁ በ«ምናልባት» እና በ«ከሆነ» ሲሞላ፣ እያንዳንዱ መልስ አዲስ ጥያቄ ሲወልድ። የትምህርት ማስረጃ ላኪ ከተባላችሁ ግን ስልክ ምን ይሠራል? ላኩና ጨርሱ።

አሁን ልጅቷ ምን ብላ ትጻፍ? አዲስ ኢሜይል አትክፈት፣ እዚያው በነበረው ላይ ትመልስ። ሪክሩተሯ በአንድ ጊዜ ብዙ አመልካች ትይዛለችና አዲስ ርዕስ ከመጣ ማን እንደሆነች ፍለጋ ትገባለች። እንዲህ ብትል ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩን ስለተከታተሉልኝ አመሰግናለሁ። የማስጠንቀቂያ ጊዜዬና የሥልጠናው ቀን የተያያዙ ስለሆኑ፣ የሚመችዎት ከሆነ በስልክ አሥር ደቂቃ ብንነጋገር ቶሎ የምንጨርሰው ይመስለኛል። ማክሰኞ ከቀኑ 7፡15፣ ወይም ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ይመቸኛል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰዓት 1፡15 እና ጠዋት 10፡00 ማለት ነው። ሌላ ሰዓት ከመረጡም አስተካክላለሁ። በኢሜይል መቀጠል ከፈለጉ ደግሞ የቀሩኝን ጥያቄዎች ባንድ ላይ ጽፌ እልካለሁ።» ከሥር ስልክ ቁጥሯን ታስቀምጣለች።

እስቲ ይህችን መልእክት ጠጋ ብለን እንያት። ምክንያቱን ተናግራለች። «ልደውልልዎት?» ብቻ ብትል ሪክሩተሯ ስለ ደመወዝ ልትከራከር ነው ብላ ልትጠነቀቅ ትችላለች፤ አሁን ግን ስለ ምን እንደሆነ አውቃ የሥልጠናውን ፕሮግራም ቀድማ ትጠይቃለች። አሥር ደቂቃ ብላለች፤ አጭርና መጨረሻው የታወቀ ስለሆነ እሺ ለማለት ይቀላል። በኢሜይል መቀጠልም እንደሚቻል መናገሯ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዷ ሪክሩተር የምትሠራው ብዙ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁሉም ነገር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። እምቢ የምትልበት መንገድ ካልተውንላት ጨዋነቱ ይጎድላል።

ሰዓቱን አቅልላችሁ እንዳታዩት። «ማክሰኞ 10 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ፣ እናንተ ከሰዓት በኋላ ማለታችሁ ነው፤ ስልካቸውን በፈረንጅ ሰዓት የሞሉ የቢሮ ሰዎች ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እናንተ ያኔ ከአለቃችሁ ጋር ስብሰባ ላይ ናችሁ። ሁለቱንም መጻፍ አንድ መስመር ቢወስድ ነው። ሰዓት ስትመርጡም የአሁኑ ሥራችሁን አስቡ፤ ስለ መልቀቂያ በሥራ ባልደረባ ፊት አይወራም። ሐዋሳ ያለችው ልጅ የምሳ ሰዓትና የሻይ ሰዓት የመረጠችው ወጥታ ማውራት እንድትችል ነው።

መልስ ካልመጣ ሳይቀጠር አትደውሉ፣ እባካችሁ። ቁጥሯ ኢሜይሏ ግርጌ ላይ ቢኖርም። ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ባንድ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ስለ ስልኩ ድጋሚ አታንሱ።

ሲደወል ደግሞ ጥያቄዎቹ ወረቀት ላይ ይኑሩ። የልጅቷ ሦስት ናቸው፦ ሥልጠናው ስንት ቀን ነው፣ ሌላ ዙር አለ ወይ፣ የመጀመሪያው የሥራ ቀን የካቲት 26 ቢሆን ችግር አለው ወይ። ሪክሩተሯ «በሚቀጥለው ወር ሌላ ዙር አለ፣ የካቲት 26 ገብተሽ ያኔ ትሠለጥኛለሽ» አለች እንበል። አለቀ። ስምንቱ ቀን ፈቃድም፣ አሠሪን መለመንም አላስፈለገም። ያ ሁሉ መጻጻፍ የቆመው አንድ ነገር ስላልተጠየቀ ነበር፤ ሌላ ዙር መኖሩ። መስመሩ ቢቆራረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል መጀመሪያ ላይ ተስማሙ፤ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ እየደወላችሁ «የተያዘ ነው» እንዳትባባሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ እዚያው ቀን፣ በዚያው ኢሜይል ላይ ጻፉ። «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው፣ ሥራ የምጀምረው የካቲት 26 ነው፣ ሥልጠናውን በሚቀጥለው ዙር እወስዳለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» ይኼው ነው። ሪክሩተሯ ይህንኑ ለኃላፊው ትልከዋለች፤ ነገ እሷ ብትለቅ ወይም ፈቃድ ብትወጣ እንኳን የተተካችው ሰው ታገኘዋለች።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ደመወዝ፣ ጥቅማ ጥቅም፣ የሙከራ ጊዜ፣ እነዚህን በስልክ ተወያዩባቸው እንጂ በስልክ አትዝጉዋቸው። ሪክሩተሯ በስልክ «አይዞሽ፣ አልቋል» ስላለች ብቻ መልቀቂያ አስገብቶ፣ በኋላ በጀቱ ሳይፈቀድ ቀርቶ ከሁለቱም የወጣ ሰው አይቻለሁ። እሷ አልዋሸችም፤ የመጨረሻው ፊርማ በእሷ እጅ አልነበረም። መልቀቂያችሁን የምታስገቡት የተፈረመው የቅጥር ደብዳቤ እጃችሁ ሲገባ ነው፤ 30 ቀኑንም ከዚያ ቁጠሩ። ደብዳቤው ከጥር 25 ከዘገየ የካቲት 26ም አብሮ ይገፋል፤ ይህንንም በስልኩ ላይ አንሱት።

አመሰግናለሁ። አሁን መልስ እየጠበቃችሁበት ያለ ኢሜይል ያላችሁ፣ ስም ሳትጠሩ ንገሩኝና እዚሁ አብረን እንጻፈው።