የቅምሻ ቀን ሲቀየር
ጎንደር ውስጥ ለሰርግ አዘጋጆችና ለዲኮር ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት አጭር የቴሌግራም መልእክት ነው የማወራችሁ። ምክንያቱም የምግብ ቅምሻ ቀን ሲቀየር ሙሽሮችን ከምግቡ በላይ የሚያስከፋቸው ብዙ ጊዜ አነጋገሩ ነው።

ሰርጉ በ2018 ዓ.ም. ጥር 17 እሁድ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ፣ እንግዳው ከከተማው ከወጣ በኋላ። ሙሽሪት እዚሁ ጎንደር ናት። ሙሽራው ባህር ዳር ይሠራል፤ የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ቅምሻውን ለቅዳሜ ህዳር 6 ቀጠርን። ረቡዕ ማታ ከኩሽናው ተደወለ። ቅዳሜ የተዝካር ድግስ አለ፣ ትልልቁ ድስትና ምድጃው ሁሉ ተይዟል አሉ። ተዝካር ደግሞ ዝም ብሎ አይገፋም። የሚገፋው የእኛ ነው።

አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቶሎ ብላ ረቂቅ አዘጋጀች፦ «እሁድ 11 ሰዓት ወይም ረቡዕ 8 ሰዓት»። ሲያዩት ሁለት ምርጫ ነው። ግን እሁድ 11 ሰዓት ሙሽራው ወደ ባህር ዳር መንገድ ላይ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ ዶሮ ወጥ ማን ይቀምሳል? ሁለቱንም ሰዎቹ ሊወስዷቸው አይችሉም። እንዲህ ያለ መልእክት «አልተመቸንም» ያስብልና ከዜሮ ያስጀምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ካላንደሩን ዘረጋን። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ በኋላ የሥጋና የቅቤ ቅምሻ እስከ ገና አይታሰብም። ከገና እስከ ሰርጉ ደግሞ ሦስት ሳምንት እንኳ የለም፤ ወጡ ይስተካከል ቢባል፣ ባለሙያ ይቀየር ቢባል ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ የቀረን ቅዳሜና እሁድ ህዳር 7፣ 13 እና 14 ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ዶሮ ወጥ ችኮላ አይወድም። ሽንኩርቱ ውሃው ጠፍቶ እስኪበስል፣ በርበሬው እስኪቁላላ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የተዝካሩ ዕቃ ማታውን ከታጠበ፣ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ሽንኩርት ከተጣደ፣ 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ቤተሰቡም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ሙሽራው ቀምሶ 8 ሰዓት ላይ ቢነሳ፣ ሳይመሽ ባህር ዳር ይገባል። ሌላው ቅዳሜ ህዳር 13፣ 9 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ተነስቶ ይደርሳል። ህዳር 14ን ተውነው። ነገ ጾም ሊገባ ኩሽናው በቅበላ ድግስ ይጨናነቃል።

ከዚያ ለኩሽናው ደወልን። ሁለቱንም ሰዓት በስማችን ያዙልን አልን። ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ሳታስይዙ አትላኩ። ሙሽሮቹ መርጠው «እሺ» ካሉ በኋላ «እሱም ተይዟል» ማለት ከመጀመሪያው ለውጥ የባሰ ነው። መተማመን የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ሐሙስ የላክነው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ሙሽሮቻችን። የቅዳሜ ህዳር 6 የምግብ ቅምሻ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል፤ ኩሽናው የዚያን ቀን በተዝካር ተይዟል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለት ሰዓት አስይዘንላችኋል፦ እሁድ ህዳር 7 ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ወይም ቅዳሜ ህዳር 13 ከቀኑ 9 ሰዓት። ቦታው፣ የሚቀርበው ምግብና የከፈላችሁት ቀብድ እንዳለ ነው። የሚመቻችሁን እስከ ነገ አርብ ማታ 2 ሰዓት ንገሩን። ሁለቱም ካልተመቹ ደውሉልን።»

ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፤ ግን አለ። ዝም ብላችሁ «በአንዳንድ ምክንያት» ካላችሁ፣ ሰው የሚጠረጥረው ትልቅ ሰርግ መጥቶ ገፋን ብሎ ነው። የአርቡ ገደብም በዘፈቀደ አይደለም። እሁድ ከሆነ ዶሮውና ቅቤው ቅዳሜ ገበያ መገዛት አለበት። ዳያስፖራ ሙሽራ ካለ ደግሞ የፈረንጁን ሰዓትም ጻፉ፤ 6 ሰዓት ብላችሁት ንጋት ላይ የሚመጣ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን በቴሌግራም አላደረግንም። ለሙሽሪት እናት ደወልን። ወጡን ቀምሰው የሚፈርዱት አክስት ናቸው፤ እሳቸውን ይዘው የሚመጡት እናት ናቸው። «እትዬ፣ ቅዳሜ የነበረው ተቀይሯል፣ ለልጆቹ ጽፈንላቸዋል» ብለን ነገርናቸው። ከልጅ ስልክ ላይ ቢሰሙት ቅር ይላቸው ነበር።

ሙሽሮቹ አርብ ከሰዓት እሁድን መረጡ። ወዲያው የህዳር 13ቱን ለኩሽናው ለቀቅንላቸው፤ ያልተፈለገ ሰዓት ይዞ መቆየት ለቀጣዩ ጊዜ ፊት ያስነሳል። እሁድ አክስት አንድ ጭልፋ ቀመሱና «በርበሬው ገና ነው፣ ጥሬ ጥሬ ይላል» አሉ። ባለሙያዋም ለሰርጉ ቁሌቱን አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ልትጥድ ተስማማች። አመሰግናለሁ።