ስሙም ሎጎውም አንድ ነው፤ ታዲያ በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ «የባንክ አፕዎ ጊዜው አልፏል፣ በዚህ ሊንክ ያድሱት» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደረሰኝ። ሎጎው የባንኬ ነው፣ ስሙም ልክ ነው። ልጫነው?

መልስ፦ አይጫኑት። ስምና ሎጎ ማንም ኮፒ ያደርጋል። ሊንኩን ሲነኩ ስሙ በ`.apk` የሚያልቅ ፋይል ከወረደ፣ ቀጥሎም ስልኩ ካልታወቀ ምንጭ ለመጫን ፈቃድ ከጠየቀ፣ እዚያው ላይ ይተዉት። የባንክ አፕ የሚታደሰው መጀመሪያ ከወረደበት ስቶር ነው።

ፕሌይ ስቶርን ራስዎ ይክፈቱ። ከአፑ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የአሳታሚው ስም አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሲነኩት ያው አሳታሚ ያወጣቸው ሌሎች አፖች ይዘረዘራሉ። የባትሪ መብራትና የጨዋታ አፖች ከባንክ አፕ ጋር ተደባልቀው ካገኙ ባንኩ አይደለም። የወረደበት ቁጥርና ኮከብ አያሳምንዎት፤ ሁለቱም በገንዘብ ይገዛሉ።

የአሳታሚውንም ስም አስመስሎ መጻፍ ስለሚቻል፣ እኔ የምተማመነው በተቃራኒው መንገድ ነው። የባንኩን ድረ ገጽ አድራሻ ከካርድዎ ወይም ከውል ወረቀትዎ ላይ አይተው በእጅዎ ይጻፉ። ከዚያ ገጽ ላይ ወደ ስቶሩ የሚወስደውን ሊንክ ይንኩ። በብሮውዘር ሲከፈት አድራሻው ላይ `id=` የሚል ያገኛሉ። ከሱ ቀጥሎ ያለው የአፑ መለያ ነው፤ በስቶሩ ውስጥ ሁለት አፖች አንድ ዓይነት መለያ ሊኖራቸው አይችልም። ለምሳሌ የባንኩ እንዲህ ቢሆን፦

```
id=com.example.wallet
```

ሌላ ሰው የላከልዎት ደግሞ እንዲህ ቢሆን፦

```
id=com.examp1e.wallet
```

በችኮላ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ግን `l` በቁጥር `1` ተተክቷል። ያ ሌላ ሰው ያወጣው አፕ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ቀድሜ ጭኜዋለሁ። «ተደራሽነት» የሚባለውን ፍቀድ ሲለኝም ፈቅጃለሁ። ባጠፋው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ያ ፈቃድ የተሠራው ማየት ወይም መንካት የሚቸገሩ ሰዎችን ለሚያግዙ አፖች ነው። ሌባ እጅ ሲገባ ግን ስክሪንዎን ያነብበታል፣ በእርስዎ ፈንታ ይነካበታል። በኤስኤምኤስ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድም ስክሪን ላይ ሲወጣ ያየዋል።

አሁኑኑ ዳታውንና ዋይፋዩን ይዝጉ። በሌላ ስልክ፣ ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንኩ ጋ ይደውሉና አካውንቱን ያሳግዱ። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ስልኩን ማጽዳት በኋላ ይደርሳል። ከዚያ በሴቲንግ ገብተው የተደራሽነት ፈቃዱን ያንሱ፣ ቀጥለው አፑን ያጥፉ። አልጠፋ ካለ ስልኩን በሴፍ ሞድ ያስነሱት። ያኔ እርስዎ የጫኗቸው አፖች ስለማይሠሩ፣ አፑ እንዳያጠፉት ሊያግድዎት አይችልም። ፎቶዎን አስቀምጠው ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ቢመልሱት ደግሞ የተሻለ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚቀይሩት ግን በሌላ ስልክ ይሁን፤ በዚሁ ስልክ ከቀየሩት ሌባው አዲሱንም ያየዋል።