«ይሰራል እኮ!» ለስልክ ጠጋኙ የተላከ ደብዳቤ

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳ። ማለዳ። ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሰው።]

«እማ፣ ይሰማሻል? ሄሎ?»

እኔ እሰማታለሁ። እሷ ግን አትሰማኝም። «ምነው ልጄ፣ ዝም አልክ?» ትላለች። እኔ እየጮህኩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶኛል፣ እናቴ ብቻ አልሰማችኝም።

ስልኬ ከወደቀ ሳምንት ሆኖታል። ማይኩ አንዴ ይሰራል፣ አንዴ ይጠፋል። ጭራሽ ቢሞት ይሻለኝ ነበር። የሞተ ማይክ የትም ቦታ ሞቶ ይገኛል። የእኔው ግን ጠጋኙ ፊት ሲቀርብ ጨዋ ይሆናል።

መጀመሪያ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ከኮዬ መገናኛ ድረስ፣ ሁለት ታክሲ፣ ከዚያ ወረፋ። ጠጋኙ ወደ ራሱ ስልክ ደወለበት። «ሄሎ፣ ሄሎ… ይሰራል እኮ! ምንም አልሆነም።» እውነቱን ነው፣ ይሰራ ነበር። አመስግኜ ተመለስኩ። ማታ እቤት ስገባ ድምፄ የለም።

በሁለተኛው ዙር እኔ ሥራ ስለነበረኝ ስልኩን የአክስቴ ልጅ ይዞልኝ ሄደ። ከስልኩ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ላክሁ። ዛሬ ያንን ደብዳቤ አነብላችኋለሁ። በፊት ግን እንዴት እንደተጻፈ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከመጻፉ በፊት አራት ቀን ስልኩን ስፈትን ነበር።

[ምስል፦ የተከፈተ ስልክ የታችኛው ክፍል። ጣት ትንሿን የብረት ሳጥን ይጠቁማል።]

የስልክ ማይክ ይቺ ናት። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ሳጥን። ብዙ ስልኮች ላይ የምትቀመጠው ከታች፣ የቻርጀር ቀዳዳው ያለበት ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ጠጋኞች ሰብ ቦርድ ይሉታል። ሰብ ቦርዱ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚገናኘው ፍሌክስ በሚባል ስስ ገመድ ነው። የፍሌክሱ ጫፍ ሶኬቱ ላይ ተጭኖ ይገጥማል፣ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ይላል።

ስልክ ሲወድቅ ሁለት ነገር ሊደርስ ይችላል። አንደኛው፣ የፍሌክሱ ጫፍ ከሶኬቱ ትንሽ ይላቀቃል። ሁለተኛው፣ ማይኳን ከቦርዱ ጋር ያጣበቀው ብየዳ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አፎች ሲነካኩ ድምፅ ያልፋል፣ ሲራራቁ ይቋረጣል። ለማራራቅ ደግሞ ትንሽ ነገር ይበቃል፤ የእጅ ጫና፣ የጠዋት ብርድ፣ የታክሲ መንገጫገጭ። ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ የሚሰራው ለዚህ ነው። ኪሴ ውስጥ ሞቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሳይጫነው፣ አፎቹ ገጥመው ይቆያሉ።

ስለዚህ ጠጋኙን የሚረዳው «ማይኩ ተበላሽቷል» የሚል ቃል አይደለም። መቼ እንደሚጠፋ፣ ምን ስናደርግ እንደሚመለስ ማወቅ አለበት። እኔም ያንን ፍለጋ ጀመርኩ።

[ምስል፦ የድምፅ መቅጃ ስክሪን። ሰውየው እየቆጠረ ነው።]

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ኔትወርክ ነበር። እኛ ሰፈር ኔትወርኩን መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ለመለየት ግን ቀላል መንገድ አለ። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አደረግሁት። የድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ከ1 እስከ 60 ቆጠርኩ፣ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር። ከዚያ አዳመጥኩት። «አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት…» ጠቅ የምትል ድምፅ፣ ከዚያ ፀጥታ። ከዚያ «ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት»። ኔትወርክ በሌለበት ድምፄ ጠፋ፤ እንግዲህ ኔትወርኩ ነፃ ነው። መቁጠሩ ሌላም ጥቅም አለው። የትኛው ሰከንድ ላይ እንደጠፋና ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ፈተና ሌሎቹን ማይኮች ማየት ነው። አዎ፣ ስልካችሁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ማይክ አለ። አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ወይም ካሜራው አጠገብ። ቪዲዮ ስቀርጽ ድምፁ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ላውድ ላይ አድርጌ ስደውልም እናቴ ጥርት አድርጋ ሰማችኝ። ባለማይክ ኢርፎን ስሰካም እንደዚሁ። የሚጠፋው ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳወራ፣ የቴሌግራም ቮይስ ስቀዳና መቅጃው ላይ ብቻ ነው። የትኛው ማይክ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ከስልክ ስልክ ይለያያል። ስለዚህ «የታችኛው ማይክ ነው» ብዬ አልደመደምኩም። የቱ ላይ እንደሚጠፋና የቱ ላይ እንደማይጠፋ ብቻ መዘገብኩ። መደምደሙ የጠጋኙ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነው ነገሩን ያወጣው። እየቆጠርኩ የስልኩን ታች ቀኝ ጥግ በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ጫን አልኩት። ቀስ ነው ያልኩት! ስልኩን ማጣመም አያስፈልግም፣ ስክሪን ትሰብራላችሁ። እየሰራ ሳለ ስጫነው ድምፁ ጠፋ፣ ስለቀው ተመለሰ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቱን ጊዜ ጠፋ። የሶፍትዌር ችግር በአውራ ጣት አይመጣም፣ አይሄድም።

ያላደረግሁትንም ልናገር። ቀዳዳዋ ውስጥ መርፌ አልከተትኩም። ብዙ ሰው ይከታል። ከቀዳዳዋ ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን ከተበሳች ቢያንስ አንዳንዴ ይሰራ የነበረው ማይክ ለዘለዓለም ዝም ሊል ይችላል። ከቨሩን አውልቄ በለስላሳ ብሩሽ ከውጭ ብቻ ጠረግሁት። ለውጥ የለም። ስልኩን ሪሴትም አላደረግሁም፤ ፎቶዬን አጥቼ ማይኩ እንደዚያው ሊቀር!

[ምስል፦ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት። ተራኪው ያነባል።]

ደብዳቤው ይኸው።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ባለፈው ሳምንት ይዤው መጥቼ ይሰራል ያሉኝ ስልክ ነው። እርስዎ ጋ መሥራቱን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ቅዳሜ ማታ ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ስወርድ ከእጄ አምልጦ ኮብልስቶን ላይ ወደቀ። ከወገቤ ከፍታ ነው። ያረፈው በታች ቀኝ ጥጉ ነው፣ ጭረቱን ያዩታል። ውኃ አልነካውም። ከዚህ በፊት ተከፍቶ አያውቅም። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ። ማክሰኞ ጠዋት ጀመረ።

ሲጠፋ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ፍጹም ፀጥታ ነው። ድምፁ አይርቅም፣ አይጎረንንም፣ በአንዴ ይቋረጣል። ከ5 እስከ 20 ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። አንዳንዴ ስልኩ እስኪዘጋ አይመለስም። እኔ የሚደውልልኝን ሁልጊዜ እሰማለሁ።

በአራት ቀን 20 ጊዜ ደውዬ 7ቱ ላይ ጠፋ። ከ7ቱ 5ቱ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ነው፣ ስልኩ ቀዝቅዞ ሳለ። ከቆየና ከሞቀ በኋላ ይሻለዋል።

የሚጠፋው፦ ጆሮ ላይ ሲወራ፣ ቴሌግራም ቮይስ፣ ድምፅ መቅጃ፤ አውሮፕላን ሞድ ላይም። የማይጠፋው፦ ቪዲዮ፣ ላውድ፣ በኢርፎን።

እንዲጠፋ ለማድረግ፦ መቅጃውን ከፍተው እየቆጠሩ ታች ቀኝ ጥጉን ቀስ አድርገው ይጫኑና ይልቀቁ። ወዲያው ካልጠፋ ትንሽ ይታገሱት። የጠፋበትን ቅጂ ስልኩ ላይ ትቼልዎታለሁ፣ ‹ቆጠራ ሐሙስ› ይላል። ከ13 በኋላ ያዳምጡ።

ከቨሩን አውልቄ ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው። ዳግም አስነስቼዋለሁ፣ ያው ነው። እባክዎ ፍላሽ ወይም ሪሴት ከማድረግዎ በፊት ይደውሉልኝ። ዕቃ ከመቀየርዎ በፊትም ዋጋውን ይንገሩኝ። የተቀየረውን ዕቃ መልሰው ይላኩልኝ። ሲጨርሱ በዚያው በቆጠራ ይፈትኑት፣ እየተጫኑትም ሳይጫኑትም። ሰብ ቦርድ ከተቀየረ ቻርጅ እንደ በፊቱ ማድረጉንም ይዩልኝ።

ሲሙን አውጥቻለሁ። ሲደውሉልኝ ከጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ይጠቀሙ።»

[ምስል፦ ተራኪው ወረቀቱን አስቀምጦ ወደ ካሜራው ይመለከታል።]

አንድ ቃል ላይ ብዙ አስቤአለሁ። «ማይኩን ቀይርልኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ብጽፍ ኖሮ ማይኩን ብቻ ይቀይርልኝ ነበር፣ ጥፋቱ ደግሞ ፍሌክሱ ላይ ቢሆን ገንዘቤ ሄዶ ያው ችግር ይመለስ ነበር። ምልክቱን ከሰጠሁት ግን ከርካሹ ነገር ይጀምራል። «ውኃ አልነካውም» የሚለውም ትንሽ ይመስላል፤ ውኃ የገባበትና የወደቀ ስልክ ሲከፈቱ የሚፈለገው ነገር ለየቅል ነው።

ስለ ቻርጅ የጻፍኩትም የመጣው ከመከራ ነው። የቻርጀሩ ቀዳዳና ማይኩ አንድ ቦርድ ላይ ስለሆኑ፣ ደካማ ሰብ ቦርድ ከተገጠመ ማይኩ ተስተካክሎ ቻርጁ ቀርፋፋ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በድሮ ስልኬ አይቼዋለሁ። ቤት ሳትደርሱ ቻርጀር ሰኩበት።

ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። መቅጃውን አዳምጦ፣ ጥጉን ተጭኖ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አጠፋው። «አሁን ገና አየሁት» አለኝ። መጀመሪያ ፍሌክሱን አላቅቆ መልሶ ገጠመው። ሲጫነው ግን አሁንም ይጠፋል። ሰብ ቦርዱን ለብቻው ሲነካው ጠፋ፣ ሲለቀው መጣ። ዋጋ ተነጋገርን፣ ቦርዱ ተቀየረ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ስልኩንና አሮጌውን ቦርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ደብዳቤዬም አብሮ ተመልሷል። ከጀርባው በእስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ከ1 እስከ 60፣ 10 ጊዜ። ተጭኜም ሳልጫንም። ሁሉም ተሰምቷል። ቻርጅም ያደርጋል።»