የረጋ ዘይት፣ የስክሪንሾት ብር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ከአዳማ። የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ይሄ ሙቀት መስኮት አያስዘጋም።

ስለ ቴሌግራም ሱቄ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የፀጉርና የቆዳ ዕቃ በኦንላይን መሸጥ እንዴት ነው ትላላችሁ። ሁሉንም ላውራ ብል ይመሽብኛል፣ ስለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ ልያዝ፦ የኮኮናት ዘይት።

ይሄ ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይረጋል። አዳማ ቀን ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፣ ፎቶ ሲነሳም ያምራል። ያንኑ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላኩትና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ደንበኛዋ ስትከፍተው ነጭ ድፍን ነገር ታገኛለች። ከዚያ ስልክ ይመጣል፦ «እህቴ፣ ያሳየሽኝ ሌላ የላክሽልኝ ሌላ፣ ብሬን መልሺልኝ።» ሴትየዋ እውነቷን ነው፣ ያየችው ፎቶ ፈሳሽ ነዋ።

ስለዚህ ሁለት ፎቶ ነው የምለጥፈው፣ አንዱ ቀልጦ፣ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ረግቶ። ሁለቱንም መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ አነሳለሁ። ፍላሽ አልጠቀምም፣ ጠርሙሱ ላይ እያብለጨለጨ ቀለሙን ያጠፋዋል። ፊልተር ደግሞ ጭራሽ! አንዱን ፎቶ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ነው የማነሳው፣ አለበለዚያ 100 ሚሊ ሊትሩና 250ው ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ። በመጨረሻ ጀርባውን፣ የሚያበቃበት ቀን በደንብ እስኪነበብ ድረስ።

ጽሑፉ ላይ የማስቀምጠው ይሄንን ነው፦ «ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አልተበላሸም። ክዳኑን ሳትከፍቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ይመለሳል።» የተበላሸውን የምትለዩት በጠረኑ ነው፣ የሻገተ ዘይት ይሸታል። ፀጉር ያሳድጋል ብዬ አልጽፍም። ዘይቱ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ሲታጠብ የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ መብቀል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፊቷ ብጉር የሚያወጣ ሰው ፊቷ ላይ እንዳትቀባውም እጽፋለሁ፣ ቀዳዳውን ሊደፍን ስለሚችል። ይሄን ስላነበበች ሳትገዛ የምትሄድ አለች፣ ትሂድ። ዋጋውም እዚያው ይቀመጣል። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉ ሱቆች እኔን ራሴን ያናድዱኛል፣ ምን ሚስጥር አለው?

ማድረስ ላይ ጠላታችን ክዳኑ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ስለዚህ ራሳችሁ ስትቀዱ እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን ከፍቼ አፉ ላይ ስስ ላስቲክ አደርግና መልሼ እገጥመዋለሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር፣ ከዚያ ለብቻው ፌስታል ውስጥ። ፋብሪካ ያሸገውን ግን አልነካም፣ በላዩ ላይ ብቻ ነው የምጠቀልለው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መናኸሪያ ወስጄ ለሾፌር ስሰጥ ታርጋውንና የሾፌሩን ስልክ ለደንበኛዋ እልካለሁ፣ እና ሁሌም አንድ ነገር እለምናለሁ፦ መስታወቱ ሥር አታስቀምጠው።

አሁን ብሩ ጋ እንምጣ፣ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ከሆነ ባጃጁ ሲደርስ ይከፈላል። ከከተማ ውጭ ከሆነ ቀድሞ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው መናኸሪያ ደርሶ የሚቀበለው ሰው ስልኩን ካጠፋ የመመለሻውንም የምከፍለው እኔ ነኝ። እና ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም! ስምና መጠን የተቀየረበት ስክሪንሾት ሞልቷል። ኤስኤምኤስም ቢሆን ከማን እንደመጣ እዩ፣ የቴሌብር መልዕክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ብር ገብቶልዎታል» ጽሑፉ አንድ ዓይነት ቢሆንም ውሸት ነው።

እኔ የራሴን አፕ ከፍቼ ታሪኩ ውስጥ አያለሁ። ለምሳሌ ዘይቱ 700፣ መላኪያው 150 ከሆነ የምፈልገው 850 ነው። መጠኑን፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን ከላከችልኝ ጋር አስተያያለሁ፣ በንግድ ባንክ ከሆነ FT ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር። ቁጥሩን ደብተር ላይ ከትዕዛዙ ጎን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የድሮ እውነተኛ ክፍያ ቁጥር ደግሞ ይልካል፣ ቁጥሩ ትክክል ነው ግን ባለፈው ወር የተበላ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ማየት ካልቻልኩ ዕቃው አይወጣም። «አታምኚኝም እንዴ?» የሚል ይመጣል። «አምንሃለሁ ወንድሜ፣ አፑ ሲከፈት እልካለሁ» ነው መልሴ።

መመለስ የሚባለውን ደግሞ ሳይገዙ በፊት ነው የምናገረው። የተከፈተ ቅባት አልቀበልም፣ ማን እጁን እንደከተተበት አይታወቅማ። ያልተከፈተ ከሆነ እቀበላለሁ፣ ብሩም የሚመለሰው በከፈለችበት ቁጥር ብቻ ነው፣ «በባሌ ቁጥር ላኪልኝ» ብትልም።